ሆቴሉ የማን ነው? የቤተሰብ ማኅበር፣ ገንዘቡና ውርሱ

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ሰው ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ ንብረትና የራሱ ዕዳ አለው፤ መሥራቹ ቢሞቱም እሱ አይሞትም። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ ይህን ማኅበር ከ2 የማያንሱና ከ50 የማይበልጡ አባላት፣ ቢያንስ በ15,000 ብር ካፒታል እንዲያቋቁሙት ይፈቅዳል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ባለ አንድ አባል ማኅበርም በዚሁ ሕግ ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ ቁጥር ለመሙላት ሲባል ብቻ ሚስትን ወይም የበኩር ልጅን በወረቀት ላይ አባል ማድረግ አያስፈልግም። ይሁንና አሠራሩ አሁንም የተለመደ ነው።

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የቤተሰብ ንግድ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአባት ስም በወጣ ንግድ ፈቃድ ነው። አንድ የእህል መጋዘን፣ አንድ ወፍጮ ወይም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገድ ዳር የተከፈተ ምግብ ቤት ይሆናል። ሥራው ሲያድግ፣ ባንክ ሲጠይቅ ወይም ጨረታ ሲመጣ ወደ ማኅበር ይለወጣል። የሚለወጠው ግን በአብዛኛው ወረቀቱ ብቻ ነው። ገንዘቡ እንደ ድሮው ከመሳቢያ ይወጣል፣ ውሳኔው እንደ ድሮው ማዕድ ላይ ይተላለፋል። አባት በሕይወት እስካሉ ድረስ ይህ ልማድ ችግር ሳይመስል ይቆያል፤ ሲያርፉ ግን እያንዳንዱ የዘፈቀደ አሠራር ክርክር ሆኖ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ለማሳያ የተፈጠረ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። እንጅባራ ላይ ሆቴል፣ ዳንግላ ላይ የእህል መጋዘንና ሁለት አይሱዙ መኪኖች ያሉት ማኅበር አለ። ካፒታሉ 1,000,000 ብር ሲሆን እያንዳንዳቸው 100 ብር በሆኑ 10,000 አክሲዮኖች ተከፍሏል። 8,000ው በአባት፣ 1,000ው በእናት፣ 1,000ው ደግሞ በራሱ ገንዘብ በገባው የበኩር ልጅ ስም ተመዝግቧል። የአባትና የእናት አክሲዮኖች የተገኙት በጋብቻ ውስጥ ነው። አባት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ኑዛዜ ሳይተዉ አረፉ። የተረፉት እናት፣ የበኩር ልጅ፣ ሁለት ሴቶች ልጆችና አባት ከጋብቻ ውጪ የወለዱት አንድ ወንድ ልጅ ናቸው። የበኩር ልጅ ሆቴሉን አሥር ዓመት መርቷል፤ አባት በበዓል ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት «ይህ ቤት ያንተ ነው» ብለውታል። ስለዚህ የአባት 8,000 አክሲዮን የእሱ እንደሆነ ያምናል።

ሕጉ የሚያሰላው በሌላ መንገድ ነው። ከውርስ በፊት የጋብቻ ሀብት ይጣራል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በፌዴራሉ፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት በማንኛቸውም ስም ቢመዘገብ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ስለዚህ የአባት 8,000 እና የእናት 1,000 ተደምረው 9,000 የጋራ አክሲዮን ይሆናሉ። ግማሹ፣ ማለትም 4,500ው፣ የእናት ነው። ይህ ውርስ አይደለም፤ የራሳቸው ሀብት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ኑዛዜ በሌለበት ባልና ሚስት አንዱ የሌላው ወራሽ ስላልሆኑ ከቀሪው 4,500 እናት ምንም አያገኙም። ያ ቀሪ ለልጆች እኩል ይከፈላል። ሴትና ወንድ ልዩነት የለውም፤ ከጋብቻ ውጪ የተወለደውም እኩል ወራሽ ነው። አራቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 1,125 አክሲዮን ያገኛሉ።

ውጤቱ ሲታይ እናት 4,500፣ የበኩር ልጅ ከራሱ ጋር 2,125፣ ሌሎቹ ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው 1,125 አክሲዮን ይኖራቸዋል። «ቤቱ የእኔ ነው» ያለው ልጅ የያዘው 21.25 በመቶ ነው። ብቻውን የሚወስን ሰው የለም። እናት ከማንኛውም አንድ ልጅ ጋር ከቆሙ አብላጫ ድምፅ አላቸው፤ አራቱ ልጆች ከተባበሩ ደግሞ 55 በመቶ ይዘዋል። አሥር ዓመት የመራው ልጅ በአንድ ስብሰባ ከሥራ አስኪያጅነት ሊነሳ ይችላል፤ የቤተሰብ ማኅበሮች የሚበተኑትም በዚህ ዓይነት ስብሰባ ማግሥት ነው።

አባት በበዓል ቀን የተናገሩት ቃልስ? በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሕጉ የታወቀ ቢሆንም የሚያገለግለው ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለሕፃናት ልጆች አሳዳሪነትና አስተዳደር እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ላልበለጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። በዚያም ላይ ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከኖሩ ይፈርሳል። የቤትና የመሰል የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ደግሞ የግልጽ ኑዛዜን ሥርዓት ተከትሎ በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም። የአክሲዮን ዝውውርም በጽሑፍ ሆኖ በማኅበሩ መዝገብ መግባት አለበት። እንግዲህ መቶ ሰው ቢመሰክርም የማዕድ ላይ ቃል አክሲዮን አያስተላልፍም።

አባት ሐሳባቸው ያ ከነበረ መንገዱ ክፍት ነበር። ግልጽ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ይህም በጽሑፉ ላይ ይጠቀሳል፣ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ እያለ ከተደረገ ሁለት ምስክር ይበቃል። በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ምስክር ባያስፈልገውም ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ሆኖም ኑዛዜ ሁሉን ነገር አያደርግም። አባት የሚናዘዙት በራሳቸው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ ልጅን ከውርስ መንቀልም ምክንያቱ በኑዛዜው በግልጽ ካልተነገረ አይጸናም። የበኩሩን በማኅበሩ ላይ የበላይ ማድረግ የሚፈልግ አባት በሕይወት እያለ፣ ከሚስቱ ጋር ተስማምቶ፣ አክሲዮን በዋጋ ሊሸጥለት ወይም የመመሥረቻ ጽሑፉን አሻሽሎ የሥራ አስኪያጅ አሿሿሙን ሊወስን ይችላል። የመመሥረቻ ጽሑፉ ስለ ውርስ የሚለውን አስቀድሞ ማንበብም ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ ከሌላ ማኅበር የተገለበጠ ጽሑፍ ፈርሞ ውስጡን ሳያየው ይኖራል።

አክሲዮኑ ከተከፈለ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ማኅበሩ ራሱ ምን አለው? የገንዘብ መደባለቅ ጉዳቱ በሙሉ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በምሳሌው ሆቴሉ የቆመበት ይዞታ ካርታው በአባት ስም ነው። ከሁለቱ አይሱዙዎች የአንዱ ሊብሬም እንዲሁ። የአልጋ ኪራይ በልጁ የቴሌብር ቁጥር ይገባል፣ የመጋዘኑ ሽያጭ በአባት የግል የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በመዝገብ የሚተላለፍ ስለሆነ ሆቴሉ የማኅበሩ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ከጋራ ሀብት ተቆጥሮ ወደ ክፍፍል ይሄዳል። ከሆቴሉ ለማኅበሩ የሚቀርለት አልጋና ወንበር ብቻ ነው። አባት እንዳረፉ ሲታወቅ ባንኩ የግል ሂሳባቸውን ወራሾች ማስረጃ እስኪያመጡ ስለሚያቆመው የሠራተኛው ደመወዝና የእህል አቅራቢው ክፍያ በዚያው ተይዞ ይቆያል።

ብድርም ከዚህ አይለይም። እህት ውጭ አገር ሆና ለሆቴሉ ማስፋፊያ 600,000 ብር ልካለች እንበል። ለእሷ ብድር ነው፣ ለወንድሟ እርዳታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ገንዘቡ መላኩን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ማኅበሩ የፈረመበት አንድ ገጽ ውል ክርክሩን ያስቀረው ነበር።

ከቤተሰብ ውጪ ያለው አደጋ ደግሞ ከኃላፊነት ይመጣል። አባላት በማኅበሩ ዕዳ የሚጠየቁት ባዋጡት መጠን ብቻ መሆኑ የዚህ ድርጅት ትልቁ ጥቅም ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በአሮን ሰሎሞን ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። ጫማ ሠሪው ሰሎሞን ከ20,007 አክሲዮን 20,001ዱን ራሱ ይዞ ስድስቱን ለሚስቱና ለአምስት ልጆቹ አንድ አንድ ሰጥቶ ነበር፤ ድርጅቱ ሲከስር ግን በግሉ እንዲከፍል አልተደረገም። ለዚህም መሠረቱ ድርጅቱ በሥርዓቱ የተመዘገበና ከባለቤቱ የተለየ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ግን ጋሻው የሚነሳበትን ሁኔታ በግልጽ አስቀምጧል፤ የግልን ንብረት ከማኅበሩ ጋር መደባለቅ ከእነዚህ አንዱ ነው። እህል በዱቤ የሰጠ ነጋዴ የማኅበሩ ገንዘብ ለልጅ ትምህርት፣ ለሠርግና ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሲወጣ እንደነበር ካስረዳ የአባላቱን የግል ቤት እስከ መጠየቅ ሊደርስ ይችላል። በግብር በኩልም የቤት ወጪ ተቀናሽ አይሆንም።

መፍትሔው ገንዘብ ከማኅበሩ አይውጣ ማለት አይደለም፤ ሲወጣ ስም ይኑረው ማለት ነው። የሚሠራ አባል ደመወዝ ይከፈለዋል። ትርፍ የሚከፋፈለው ሂሳብ ተዘግቶ አባላት ካጸደቁ በኋላ ነው። አባል ያበደረው በውል፣ ማኅበሩ የሚጠቀምበት የአባት ቤትም በጽሑፍ የኪራይ ውል ይያዛል። ውሳኔ ሲሰጥ ሦስት መስመርም ቢሆን ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፤ ሥራ አስኪያጅ መሾምን የመሰለው ደግሞ ይመዘገባል። ሥራ አስኪያጁ ሲሞት ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ተወስኖ ከተመዘገበ ባንክም ሆነ ደንበኛ ሥራውን አያቋርጥም።

ይህ ሳይደረግ አባት ላረፉበት ወራሽ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ውርስ የሚከፈተው ሟች ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ስለሆነ ዳንግላ ይኖሩ የነበሩ አባት ሆቴላቸው እንጅባራ ቢሆንም የወራሽነት ማረጋገጫው የሚጠየቀው ዳንግላ ነው። የትኛው የማኅበሩ፣ የትኛው የሟች እንደሆነ ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ እንዲሾም ይጠየቃል። ንብረት ሊሸጥ ወይም ሊሸሽ ነው የሚል ሥጋት ካለ ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ ይቀርባል። ማረጋገጫው ሲወጣ ለማኅበሩ ቀርቦ ስም በአባላት መዝገብ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ወራሹ እንደ ማንኛውም አባል ሂሳብና ቃለ ጉባኤ የማየት፣ በስብሰባ ድምፅ የመስጠት መብት አለው።

ሽማግሌ መቀመጥ የሚከለከል አይደለም፤ ለቤተሰብ ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ስምምነቱ ግን ተጽፎ ሁሉም ወራሾች ሊፈርሙበት፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ካለም በሕጋዊ ወኪሉ ሊወከል ይገባል። ሽምግልና በራሱ የይርጋን ጊዜ አያቋርጥም፤ የሚያቋርጠው ክስ ወይም የባለዕዳው እምነት ነው። ያለ መብቱ የውርስ ንብረት በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ የወራሽነት ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት፣ ጠያቂው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ3 ዓመት በይርጋ ይታገዳል።