ዋጋውን ቆይተሽ ትነግሪያቸዋለሽ

*እትዬ፣ የምግብና የቡና ማሸጊያ ሌብል ዲዛይን እሠራለሁ። በሊንክድኢን ለብዙ ድርጅቶች ጽፌ መልስ አጣሁ። የምልከው ይህን ነው፦ «ሰላም፣ ዲዛይነር ነኝ። ሎጎ፣ ሌብል፣ ብሮሸርና ባነር በተመጣጣኝ ዋጋ እሠራለሁ። ሥራዎቼን አያይዣለሁ። መቼ ልደውልልዎ?» አሁን የተቆላ ቡና ወደ ዱባይ ሊልክ ላሰበ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ችክ ያልኩ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ።*
*ሃ.፣ ከአዲስ አበባ*

እህቴ ሃ.፣ ሰውየውን የምታስጨንቀው የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ናት። የማያውቁሽ ሰው «መቼ ልደውል?» ሲባሉ፣ እሺ ቢሉ ጊዜያቸውን ይሰጣሉ፤ እምቢ ማለቱ ደግሞ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ዝም ይላሉ። ከዚያ በላይ ያለውም ሁሉ ስለ አንቺ ነው፤ ለጫማ ነጋዴ ቢላክም ያስኬዳል።

መጀመሪያ ገጻቸውን ክፈቺና በቅርቡ የለጠፉትን አንብቢ። የአዲሱ ከረጢት ፎቶ ካለ አስፍተሽ እይው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ወሬሽን አገኘሽ፤ ኤምሬትስ ገበያ የሚገባ የታሸገ ምግብ ሌብሉ ላይ አረብኛ ያስፈልገዋልና። ያኔ እንዲህ በይ፦

«ሰላም አቶ እገሌ። ቡናችሁ ወደ ዱባይ ሊሄድ መሆኑን ከፖስትዎ አየሁ። ፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አረብኛው ከረጢቱ ላይ ይታተማል ወይስ በስቲከር ይለጠፋል? የምግብ ሌብል ዲዛይነር ነኝ።»

ከግንኙነት ጥያቄ ጋር የሚላከው ማስታወሻ አጭር ነው፤ ይህ ግን ይበቃዋል። ዋጋ የለበትም፣ ሊንክ የለበትም፤ ጥያቄው ደግሞ መኪና ውስጥ ሆነው በአንድ ቃል የሚመልሱት ነው። እሳቸው በእንግሊዝኛ የሚለጥፉ ከሆነ አንቺም በእንግሊዝኛ ጻፊ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የግንኙነት ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ ወዲያው የዋጋ ዝርዝር ይልካል፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ወጥመድ ይመስላል። አንቺ መልሳቸውን ጠብቂ። «ገና አላሰብንበትም» ካሉሽ፦ «ከረጢቱ ካልታተመ አረብኛውን አብሮ ማስገባት ይሻላል፤ ታትሞ ካለቀ ግን ስቲከር ያለውን ክምችት ያድናል። የሠራሁትን አንድ ናሙና ልላክልዎ?» በያቸው። ፈቃድ ሲሰጡሽ አንድ ብቻ ላኪ፤ ዋጋውን ሲጠይቁሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ዝም ካሉ ከሳምንት በኋላ አዲስ ነገር ይዘሽ አንዴ ጻፊ። «መልእክቴ ደርሶዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያም ዝም ካሉ ተዪያቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ናሙናው ላይ ያለውን አረብኛ ሳትልኪው በፊት ቋንቋውን ለሚያነብ ሰው አሳዪ። አንዳንድ የዲዛይን ፕሮግራም ውስጥ አረብኛ ኮፒ ተደርጎ ሲገባ ፊደሎቹ ይነጣጠላሉ፣ ቅደም ተከተላቸውም ይገለበጣል። አንቺ ላታስተውይው ትችያለሽ፤ ዱባይ ያለው ገዢ ግን ወዲያው ያየዋል።