ምስጢርን ለማን፣ በምን ቃል? የእግር እብጠትና ስሜትን የመግለጥ ጥያቄ በወላይታ

ፖዶኮኒዮሲስ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠት ሕመሞች አንዱ ነው። መንስኤው ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ሳይሆን ባዶ እግር ለዓመታት ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር መርገጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ 5.46 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ይህ ሕመም እንዳለበት አመልክቷል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና ታማሚው ከሕመሙ ይልቅ የሚፈራው ወሬውን ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ፍርሃቱን መጀመሪያ ለማን እና እንዴት መንገር እንደሚበጅ ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው የዘር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቤተሰብ ጥናት በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከውርስ እንደሚመነጭ ገምቷል። ኅብረተሰቡም «የዘር ነው» ማለቱ ከሳይንሱ የቀደመ ነው። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዘረመል ምርምር ፈቃድ ሲጠየቅ መገለልን መፍራት በሰዎች ውሳኔ ላይ እንደሚያርፍ አሳይተዋል። ምስጢሩ እንግዲህ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የወንድም ጋብቻና የእኅት እጮኝነት ከእርሱ ጋር ታስረዋል።

ስለዚህ «ከሁሉ የሚቀርበኝ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አሳሳች ሊሆን ይችላል፤ እጅግ የሚቀርበው ሰው እጅግ የሚጎዳውም ነውና። ሽማግሌ ተልኮለት መልስ የሚጠብቅ ታላቅ ወንድም ይህን ሲሰማ ከማዳመጡ በፊት የራሱን ስጋት ያሰላል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው አድማጭ አያደርገውም። ተመራጩ የሚወድድ፣ ምስጢሩ ቢወጣ ግን ብዙ የማያጣ ሰው ነው። ሁለተኛው መመዘኛ ያ ሰው የሌላውን ምስጢር እንዴት እንደሚይዝ ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ የጎረቤትን ነገር የሚያወጋ ሰው ነገ ያንቺንም እንዲሁ ይዞ ይሄዳል።

ለማሳያ በሶዶ የምትማር አንዲት የታጨች ልጃገረድ እናስብ። ማታ ማታ የእግሯ ፊተኛ ክፍል ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ሌሊት አርፎ ጠዋት ይጎድላል፤ ይህ የሕመሙ መነሻ ምልክት ሊሆን ይችላል። የአባቷ እናት እግራቸው ያበጠ ነበር። እናቷ ትደነግጣለች፤ የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ወሬ አትይዝም። ቦዲቲ የምትኖረው የእናቷ እኅት ግን በአባት ወገን ወሬ ልጆቿ አይነኩም፤ ከዓመታት በፊት የሰማችውን የቤት ጠብም ለማንም አልተነፈሰችም። ምርጫው እርሷ ላይ ይወድቃል።

አከፋፈቱ ላይ ቦታና ሰዓት ይቀድማሉ። እንግዳ በተሰበሰበበት የቡና ሥርዓት ላይ ሳይሆን፣ ሁለቱ ብቻ እንሰት ሲፍቁ ወይም ከገበያ ሲመለሱ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን አለመተያየት አፍን ያቀልላል። በልጅነቷ የተናገረችበት ቋንቋ ወላይትኛ ከሆነ በእርሱ ትናገር። አስቀድማም የምትፈልገውን ትግለጥ፦ «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። መፍትሔ እንዲሰጡኝ ሳይሆን እንዲሰሙኝ ነው፤ ለእናቴም ራሴ እስክነግራት በእርስዎ ዘንድ ይቆይ።» ቀጥላ ከሕመሙ ስም በፊት ስሜቷን ታስቀድም፦ «ከሁለት ወር ወዲህ ማታ እግሬን ማየት ፈራሁ።» የሕመሙ ስም ቀድሞ ከወጣ ንግግሩ ወዲያው ስለ መድኃኒት ይሆናል፤ ፍርሃቱም ሳይነገር ይቀራል።

ቻውዶርና ፊሸር እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ምስጢርን የመግለጥ ውጤት በተናጋሪው ዓላማ ላይም ይመሠረታል፤ መቀራረብንና መረዳትን ፈልጎ የሚናገር ሰው፣ ነቀፋን ለመሸሽ ከሚናገር ሰው የተሻለ ጥቅም ያገኛል። በእኛም ምሳሌ «ሌላ ሰው ሳይነግርዎት ብዬ ነው» የሚል መክፈቻ አክስቲቱን ከአድማጭነት ወደ ዳኝነት ያሻግራታል።

ንግግሩ የሚሰናከለው በቁጣ ብቻ አይደለም። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» የሚለው ፈጣን ማጽናኛም በር ይዘጋል። ምልክቱ አድማጩ አንድም ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ «ምንም ላይሆን ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል» ብላ ወደ ስሜቱ ልትመልሳት ትችላለች። ሁለተኛ ሙከራም ካልሠራ በዚያ ቀን ማቆም ይሻላል።

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ጤና ተቋም ነው፤ በአክስቷ ታጅባ ብትሄድ ይቀልላታል። እግርን በሳሙና በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳውን ማለስለስ፣ በእረፍት ጊዜ ከፍ ማድረግና የተሸፈነ ጫማ መልበስ በመነሻው ደረጃ እብጠቱን ይቀንሳሉ። ለእጮኛዋ የሚደረገው ንግግር ግን ከምርመራው በኋላ ይሁን፤ እርሱ የሚጠይቀው ስለ ልጆች ይሆናልና። መልሱ ሁለቱንም እውነት መያዝ አለበት፦ ተጋላጭነቱ ሊወረስ ይችላል፤ ከመጀመሪያ እርምጃው ጀምሮ ጫማ የለበሰና እግሩ በንጽሕና የተያዘ ልጅ ግን ከአፈሩ ይጠበቃል።