ብሉቱዝ ለምን ይዘገያል? ትልቅ ፋይልስ በምን ይላክ?

ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል ከመላክዎ በፊት መጀመሪያ የፋይሉን መጠን ይመልከቱ። ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ካወቁ በኋላ ቁጥሩን ለ12 ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ውጤት በብሉቱዝ ሲላክ የሚፈጀው ደቂቃ ነው። ብሉቱዝ ምንም ሳያውከው ሲሠራ በሰከንድ የሚያደርሰው 0.2 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ነው። በዚህ ስሌት 5 ሜጋባይት የሆነ ዘፈን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም ግን አንድ ሰዓት ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ፊልሙ ሲንቀራፈፍ ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ መንገዱ ለዚያ ጭነት አልተሠራም።

ምክንያቱ ብሉቱዝ የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ጠባብነት ነው። ብሉቱዝ የታሰበው እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያሉ ትንንሽ ዕቃዎችን ያለ ገመድ፣ በትንሽ ባትሪ ለማገናኘት ነው። ስለዚህ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋኸርዝ ብቻ ስፋት ባላቸው 79 ቻናሎች መካከል በሰከንድ 1,600 ጊዜ ይዘላል። ዋይፋይ ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለውን ቻናል በአንድ ጊዜ ይይዛል። ለብሉቱዝ የሚነገርለት ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜጋቢት ሲሆን የመቆጣጠሪያ መልእክቶቹ ድርሻ ሲቀነስ ለፋይሉ የሚተርፈው 2.1 ሜጋቢት ቢሆን ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ ሩብ ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ የጆሮ ማዳመጫም በብሉቱዝ ከተያያዘ አየሩን ስለሚጋራ ከዚያም ይወርዳል።

«ስልኬ አዲስ ነው፣ ብሉቱዙም 5 ነው፤ ታዲያ ለምን ይዘገያል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና በ2016 የወጣው ብሉቱዝ 5 ፍጥነቱን በእጥፍ ያሳደገው ኃይል ቆጣቢ በሆነው ክፍሉ፣ ማለትም እንደ ስማርት ሰዓት ያሉ ዕቃዎች በሚጠቀሙበት መንገድ ላይ ነው። ስልኮች ፋይል የሚላላኩት አሁንም በቀድሞው መንገድ ስለሆነ፣ የዚህ ፍጥነት ከ2004 ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም።

ፋይሉ ከ20 ወይም 30 ሜጋባይት ከበለጠ ወደ ዋይፋይ ይሻገሩ። በሁለቱም አንድሮይድ ስልኮች ላይ ብሉቱዝንና ዋይፋይን ይክፈቱ፤ ቀጥሎ ፋይሉን መርጠው Share የሚለውን፣ ከዚያም Quick Share የሚለውን ይንኩ። ተቀባዩ በራሱ Quick Share ውስጥ ለሁሉም ሰው እንዲታይ መፍቀድ አለበት፤ አለበለዚያ ስሙ ላይመጣ ይችላል። ስሙ ሲመጣ ይንኩት፣ እሱም ይቀበል። እዚህ ላይ ብሉቱዝ ሥራው ስልኮቹን ማስተዋወቅ ብቻ ነው፤ ዕቃውን የሚያሻግረው ዋይፋይ ነው። በሰከንድ 5 ሜጋባይት ብቻ እንኳ ቢሄድ፣ ያ 700 ሜጋባይት ፊልም በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ያልቃል። ዜንደርና መሰሎቹም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ብዙ ሰው «ዋይፋይ ሲባል ጥቅሌን ይበላብኛል» ብሎ ይፈራል። ይህ ስጋት ሊቀር ይገባዋል። ሁለቱ ስልኮች የሚገናኙት እርስ በርሳቸው በቀጥታ ስለሆነ ፋይሉ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም፤ ሞባይል ዳታው ተዘግቶም ይሠራል። ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ስልኮቹ ወደ ዋይፋይ ሳይሻገሩ ሲቀሩ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተላለፈው 12 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ከሆነ፣ ፋይሉ አሁንም በብሉቱዝ እየሄደ ነው። ያቋርጡት፤ ሆትስፖት ተከፍቶ ከሆነ ይዝጉ፣ ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩና እንደገና ይላኩ።

ይህ ማለት ብሉቱዝ አይረባም ማለት አይደለም። ለስልክ ቁጥር፣ ለአንድ ሁለት ፎቶ፣ ወይም ተቀባዩ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ከእሱ የሚቀል የለም። ዋይፋዩ እስኪገናኝ በሚያልፈው ጊዜ ትንሹ ፋይል በብሉቱዝ ደርሶ ይሆናል። ለትልቅ ፋይል ግን ከዝግመቱ የባሰ ችግር አለው፤ በ50ኛው ደቂቃ ላይ ግንኙነቱ ቢቋረጥ በአብዛኛው ከቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አይፎን ከአንድሮይድ በብሉቱዝ የተላከ ፋይል አይቀበልም። ተቀባዩ አይፎን ከያዘ ወይም በሌላ ከተማ ካለ ቴሌግራም ይሻላል፤ ነገር ግን ላኪም ተቀባይም ከዳታቸው ይከፍላሉ፣ ፎቶም ጥራቱን እንዳያጣ እንደ ፋይል መላክ አለበት። በርካታ ፊልሞችን በአንድ ጊዜ ለማሻገር በኦቲጂ የሚሰካ ፍላሽ ይበልጣል። ፍላሹ ሰፊ ባዶ ቦታ እያለው አንዱን ፋይል ብቻ አልቀበልም ካለ፣ በFAT32 ተዘጋጅቶ ይሆናል፤ ይህ አሠራር 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይይዝም። ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው በexFAT ፎርማት ያድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና። ከዚያ በፊት ግን ስልኩ exFAT እንደሚያነብ ያረጋግጡ፤ የማያነቡ ቆየት ያሉ ስልኮች አሉ።