ቱቦውን ማስፋት ተዳፋትን አይተካም

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ መሬቱ ሜዳ በሚሆንበት በኩል፣ ለ60 መኖሪያ ቤቶች የፍሳሽ መስመር ሊዘረጋ ነው። ወጣቷ መሐንዲስ ንድፉን ይዛ ዕድሜያቸውን በፍሳሽ ሥራ ላሳለፉ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ አሳየቻቸው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ መስመሩ 180 ሜትር ነው፤ መሬቱ ደግሞ በ100 ሜትር 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። በ200 ሚሊሜትር ቱቦ ሳሰላው 0.33 በመቶ ተዳፋት ጠየቀኝ። ቁፋሮው እንዳይጠልቅ ብዬ ቱቦውን ወደ 300 ከፍ አደረግሁት፤ 0.2 በመቶ በቃኝ፤ ፍጥነቱም 0.61 ሜትር በሰከንድ ወጣ። ከ0.6 በላይ ስለሆነ ደለል አይቀመጥም አይደል?

ጋሼ፦ ይቀመጣል። ግን በምን እንዳሰላሽው አስቀድመሽ አሳዪኝ።

ጠያቂ፦ በማኒንግ ቀመር ነው።

V = (1/n) × R^(2/3) × S^(1/2)

n የቱቦው ሻካራነት ነው፤ 0.013 ወስጃለሁ። R ሃይድሮሊክ ራዲየስ ነው፤ ውኃው የያዘው ስፋት ውኃው ለነካው የቱቦ ዙሪያ ሲካፈል የሚገኘው። S ተዳፋቱ ነው።

ጋሼ፦ S ውስጥ 0.33 አልከተትሽም መቼም?

ጠያቂ፦ ኧረ 0.0033 ነው ያስገባሁት።

ጋሼ፦ ጥሩ። በመቶውን እንዳለ የሚያስገባ ሰው 200 ቱቦ ውስጥ 6 ሜትር በሰከንድ ያገኛል፤ እንደዚያ ያለ ቁጥር ሲያይ የሚደነግጥ ደግሞ ብዙ አይደለም። ለ R ምን ወሰድሽ?

ጠያቂ፦ ቱቦው ሙሉ ነው ብዬ የዲያሜትሩን ሩብ። ለ200ው 0.05 ሜትር፣ ለ300ው 0.075።

ጋሼ፦ ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ያ መስመር የሚሞላው መቼ ነው?

ጠያቂ፦ እውነቱን ለመናገር ይሞላል ብዬ አላስብም።

ጋሼ፦ እስቲ እናስላው። 60 ቤት፣ በየቤቱ አራት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር፤ ከዚያ ውስጥ ሰማንያ በመቶው ወደ ፍሳሽ ይገባል እንበል። በቀን ወደ 15,400 ሊትር ነው። በሰከንድ ሲካፈል 0.18 ሊትር ይሆናል። ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲጠቀም አማካዩን በአራት አባዢው፤ 0.7 ሊትር በሰከንድ ነው። 200ው ቱቦ በ0.33 በመቶ ሲሞላ ስንት ይይዛል?

ጠያቂ፦ ወደ 19 ሊትር በሰከንድ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ትልቁ ፍሰትሽ የአቅሙን አራት በመቶ አይሞላም። የውኃው ከፍታ 26 ሚሊሜትር ነው፤ ወለሉን ከማርጠብ ብዙም አያልፍም። እዚያ ከፍታ ላይ R ከሙሉው አንድ ሦስተኛ ብቻ ስለሚሆን ፍጥነቱ 0.29 ሜትር በሰከንድ ላይ ይወርዳል። የጻፍሽው 0.6 በዚያ ቱቦ ውስጥ አንድም ቀን አይደረስም።

ጠያቂ፦ ታዲያ መመሪያዎቹ ሙሉ ወይም ግማሽ ሲሆን 0.6 ይሁን የሚሉት ለምንድን ነው?

ጋሼ፦ ክብ ቱቦ ግማሽ ሲሞላና ሙሉ ሲሞላ R እኩል ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱም እኩል ነው። ደንቡ ብዙ ቤት ለሚሰበስብ ዋና መስመር ይሠራል፤ እዚያ ቱቦው በቀን አንዴ ወደ ግማሽ ስለሚደርስ ሌሊት የተኛውን አሸዋ ጠርጎ ይሄዳል። ከግማሽ በታች ግን ፍጥነቱ ቶሎ ይወድቃል። መስመር መነሻ ላይ፣ ጥቂት ቤት ባለበት፣ ደንቡን ብቻ ይዞ መሄድ ራስን ማታለል ነው።

ጠያቂ፦ በ300ውስ?

ጋሼ፦ ያንኑ 0.7 ሊትር በ0.2 በመቶ አሳልፊው። ከፍታው 27 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ፍጥነቱ 0.23። ቱቦውን አሰፋሽ፣ ገንዘብ ጨመርሽ፣ ውኃው ግን ከበፊቱ ዘገየ። በወረቀት ላይ ደንቡ ተሟልቷል፤ መሬት ውስጥ ደለል ይጠራቀማል። ተቋራጮች ይህችን መንገድ ይወዷታል፤ ቁፋሮ ትቀንሳለችና።

ጠያቂ፦ የፒቪሲ ሻጩ ደግሞ n 0.010 ውሰጂ፣ ያኔ 200ውም በ0.2 በመቶ ይበቃል ብሎኛል።

ጋሼ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፤ አዲስ ቱቦ ንጹሕ ውኃ ሲያሳልፍ። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ የማንኛውም ቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ በሚያዳልጥ ዝቃጭ ይሸፈናል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው የሚፈሰው በዝቃጩ ላይ እንጂ በፒቪሲው ላይ አይደለም። 0.013ን አትልቀቂ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ 0.6ን በእውነተኛው ፍሰት ላይ ላምጣ ብልስ? ተዳፋቱን 1 በመቶ ባደርገውም 0.42 ብቻ ነው የሚያወጣልኝ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ጥያቄውን ለውጪ። አሸዋውን የሚያንቀሳቅሰው ውኃው ወለሉ ላይ የሚያሳርፈው የመጎተት ኃይል ነው፤ ፍጥነት የእሱ ምልክት ብቻ ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦

τ = ρ × g × R × S

ብራዚሎች ለቀላል ፍሳሽ መስመሮች የሚጠይቁት ቢያንስ 1 ፓስካል ነው። የመጀመሪያው ንድፍሽ በ0.7 ሊትር 0.53 ፓስካል ይሰጣል፤ ማለትም ግማሹን። 200ውን እንዳለ ይዘሽ ተዳፋቱን 0.75 በመቶ ብታደርጊው፣ R 0.0137 ሜትር ይሆናል፤ በ9,810ና በ0.0075 ሲባዛ 1 ፓስካል። ፍጥነቱ 0.38 ነው፤ አይደንግጥሽ።

ጠያቂ፦ ያን ጊዜ በ180 ሜትር 1.35 ሜትር ይወርዳል። መሬቱ 36 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚወርደው።

ጋሼ፦ ስለዚህ መጨረሻው ከመነሻው አንድ ሜትር ያህል ይጠልቃል። የዚያ ቁፋሮ ወጪ አንዴ የሚከፈል ነው። እንዲያውም ብራዚሎች መነሻ ላይ ከ1.5 ሊትር በሰከንድ በታች አይቆጥሩም፤ ሽንት ቤት ውኃ ሲለቀቅ የሚመጣውን ማዕበል አስበው ነው። በእሱ ብታሰዪው 0.45 በመቶ አካባቢ ይበቃል። ማዕበሉ ግን ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይዘረጋል፤ የአንቺ መስመር ረጅም ነው፣ ውኃም በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው። እኔ አልተማመንበትም።

ጠያቂ፦ ሥራው ላይ ምን ልጠብቅ?

ጋሼ፦ የሚያስቸግርሽ ተቋራጩ ነው። በ0.33 በመቶ የ6 ሜትር ቱቦ የሚወርደው 20 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በ0.75 ደግሞ 45። ግንበኛው በውኃ ልክ ብቻ ከገጠመ አንዱ ቱቦ ወደኋላ ይዘነበላል፤ ሌላው ቁልቁለት ያንን አያካክስም፣ እዚያ ውኃ ይተኛል። አፈር ከመመለሱ በፊት በየቱቦው ወለል ላይ ሌቭል አስነሺ፤ ከማንሆል ማንሆል ብቻ መለካት መሃል ያለውን እብጠት አያሳይም።

ጠያቂ፦ ከተሠራ በኋላስ በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ የማንሆሉን ክዳን አስነሺና ከላይ ቆመሽ እዪ። ውኃው ሳይንቀሳቀስ የቆመ፣ ከስሩ ጥቁር ዝቃጭ ያለ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ መስመሩ ራሱን አያጸዳም። ሽታው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ የኮንክሪቱን ጣሪያም ይበላል። ብዙ ሲሆን ሽታው ይጠፋብሻል፣ ሰው የሚገድለውም ያኔ ነው። አየሩ ሳይለካና ገመድ የያዘ ሰው ከላይ ሳይቆም ማንንም አታስገቢ።

ጠያቂ፦ ታዲያ ንድፉን ልለውጥ?

ጋሼ፦ 300ውን ሰርዢው። 200 ሚሊሜትር፣ 0.75 በመቶ፣ n 0.013 ብለሽ ጻፊ። ከሙሉው ፍጥነት አጠገብ የ0.7 ሊትሩን ከፍታ፣ ፍጥነትና የመጎተት ኃይል በአንድ ረድፍ አስቀምጪ፤ ተቆጣጣሪው «ለምን ጠለቀ?» ሲልሽ የምታሳዪው እሱን ነው።