ጠንካራው መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ለምን ይለወጣል?

ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «በጠንካራው መድኃኒት እየተሻላት ሳለ ለምን ለወጡባት?» የሚል ነው። ዛሬ መልሱን በአንድ ምሳሌ እናያለን።

ፈቃድ የሚጠይቁ መድኃኒቶች

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ የሚባሉትን ጀርሞች ይገድላል። እንደ ሜሮፔኔም ያሉት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስለሚገድሉ፣ ሌላው መድኃኒት የማይሠራበት ሕመም ሲገጥም እንዲያገለግሉ ይጠበቃሉ። ስለዚህ በክፍሉ ያለው ሐኪም ሲያዛቸው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ማጽደቅ አለበት። ሕመምተኛው በጠና ከታመመ ግን የመጀመሪያው መርፌ መዘግየት የለበትም፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።

እነዚህ መድኃኒቶች ሲከሽፉ ምን እንደሚመጣ በእስራኤል ታይቷል። እነሱን የተላመደ ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ በሆስፒታሎች ተዛምቶ፣ እስከ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 መጨረሻ ድረስ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሕመምተኞች ላይ ተገኝቷል። ስርጭቱን ለመግታት ሕመምተኞቹን ለይቶ ማስተኛት ግድ ሆነ።

አንድ ምሳሌ

እንበል አንዲት የ70 ዓመት እናት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ውጋት ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ከሁለት ወር በፊት ተኝተው አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር። ሐኪሙ «ጀርሙ የተለመዱትን መድኃኒቶች ተላምዶ ይሆናል» ብሎ ሰጋ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደማቸውና ሽንታቸው ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ከዚያ ሜሮፔኔም በደም ሥር ተሰጣቸው።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። በደማቸው የተገኘው ኢኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ሴፋዞሊን የተባለው ተራ መድኃኒትም ይገድለዋል። ትኩሳታቸውም በርዷል። እዚህ ላይ ሐኪሙ ሊያመነታ ይችላል፤ «እየተሻላቸው ነው፣ ለምን ልንካው?» ይላል። ነገር ግን ለዚህ ጀርም ሴፋዞሊን በቂ ነው። ሜሮፔኔም ከቀጠለ ደግሞ በአንጀታቸው ያሉትን ደህና ባክቴሪያዎች እየገደለ ለተላመዱት ጀርሞች ቦታ ይለቃል። መድኃኒቱ የሚለወጠው ተስፋ ተቆርጦ ሳይሆን ጠላቱ ማን እንደሆነ ስለታወቀ ነው።

ስንት ቀን ይበቃል?

ይህን ጥያቄ ከመረመሩት አንዱ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ያለው የራቢን የሕክምና ማዕከል ቤይሊንሰን ሆስፒታል ነው። ከሐይፋው ራምባምና ከጣሊያን ሐኪሞች ጋር ሆኖ፣ እንዲህ ባሉ ባክቴሪያዎች ደማቸው የተመረዘ 604 ሕመምተኞችን አጠና፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ግማሽ ያህሉ 7 ቀን፣ ሌሎቹ 14 ቀን ታከሙ። በ90 ቀን ውስጥ ሞት፣ የሕመሙ መመለስ፣ እንደገና ሆስፒታል መተኛት ወይም ረጅም ቆይታና የመሳሰለው ሲደመር፣ በ7 ቀኑ ከመቶ 46፣ በ14 ቀኑ ከመቶ 48 ያህል ሆነ። አጭሩ ሕክምና የከፋ ውጤት አላመጣም ማለት ነው።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ጥናቱ የተደረገው በሰባተኛው ቀን ሁኔታቸው በተረጋጋና ለ48 ሰዓት ትኩሳት ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ነው። የልብ ክዳን የተመረዘበት ወይም ያልፈሰሰ መግል ያለበት ሰው ረዘም ያለ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ትዕዛዙን የሚመረምረው ማን ነው?

የመድኃኒት ባለሙያና የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የታዘዙትን መዝገቦች ይመለከታሉ። የታዘዘበት ምክንያት ተጽፏል ወይ? ደም አስቀድሞ ተወስዷል ወይ? መጠኑ ለኩላሊቱ ተስማምቷል ወይ? በሦስተኛው ቀን እንደገና ታይቷል ወይ? የሚያቆምበት ቀንስ ተወስኗል ወይ? ከዚያ ውጤቱን ለክፍሉ ይመልሳሉ። ለምሳሌ «ካየናቸው 10 ሕመምተኞች በ4ቱ ላይ ላቦራቶሪው ቀላሉ መድኃኒት ይበቃል ካለ በኋላም ሜሮፔኔም ቀጥሏል» ይባላል። ሐኪሙ የራሱን ክፍል ቁጥር ሲያይ ከጠቅላላ ምክር ይልቅ ይሰማዋል።

ቁጥጥሩም ጉድለት አለው። አንዱ መድኃኒት ሲከለከል ሌላው ያለ ልክ ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ የሌሎቹ መጠንና የሕመምተኞቹ ደህንነትም አብሮ ይታያል።

የቤተሰብ ድርሻ

ሐኪሙ የመጀመሪያውን መድኃኒት የሚመርጠው ላቦራቶሪው ከመመለሱ በፊት ስለሆነ፣ የእርስዎ ቃል ዋጋ አለው። ባለፉት ወራት የት እንደተኙና ምን አንቲባዮቲክ እንደወሰዱ ይንገሩ፤ ከኩፓት ሖሊም የተሰጠ ወረቀት ካለ ይያዙ። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚሉ ከሆነም ምን እንደደረሰብዎ ያስረዱ። ማቅለሽለሽ ብቻ ከሆነ መድኃኒቱን ላያስከለክል ይችላል፤ የፊት ማበጥና የትንፋሽ ማጠር ግን ሌላ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀንም «የደሙ ምርመራ ምን አሳየ? መድኃኒቱ መቼ ይቆማል?» ብለው ይጠይቁ።