ጫጩቷ የት አለች?
(የመኝታ ተረትን ለሕፃን እንደ ገና ስለ መጻፍ)

ባለፈው ዓመት የአማርኛ መምህራችን ለትናንሽ ሕፃናት በመኝታ ሰዓት የሚነገር አንድ ተረት ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። እኔም የአራት ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝና ሥራው ቀላል መሰለኝ። ይህ ወንድሜ ሲመሽ ከደጅ አልገባም እያለ እናታችንን ያስቸግራት ስለ ነበር፥ ይህን ጠባዩን የሚገሥጽ ተረት ጻፍሁ። ቃሉም እንዲህ ነበር፦

«በአንድ ወቅት ለእናቷ የማትታዘዝ አንዲት ጫጩት ነበረች። እናቷም ሲመሽ ወደ ቤት እንድትገባ ትመክራት ነበር። ጫጩቷ ግን ምክሩን ናቀች። አንድ ቀን በደጅ ስታመሽ ሸለምጥማጥ መጥቶ በላት። ልጆች ሆይ፤ የእናትን ቃል የማይሰማ መጨረሻው ይህ ነው።»

በዚህ ድርሰት ጥሩ ነጥብ አገኘሁ። ማታ ለወንድሜ ባነበብሁለት ጊዜ ግን «ምክሩን ናቀች» ከሚለው ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በላት» ስል ብቻ ዘወር ብሎ «አጥንቷንም?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያች ሌሊት ሁለት ጊዜ እየጮኸ ነቃ፤ በማግስቱም እንደ ወትሮው ከደጅ አልገባም አለ። ከተረቴ የተረፈው ፍርሃቱ ብቻ ሆነ። የሆነውን ለመምህሬ ብነግራቸው ፈገግ ብለው፥ «ያን ድርሰት የጻፍኸው ለእኔ ነው፤ አሁን ደግሞ ለእርሱ ጻፍለት» አሉኝ።

ተረቱን አውጥቼ ስመረምረው ጉድለቱን አገኘሁት። በአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሕፃኑ የሚሠራው አንድም ነገር የለም፤ ዝም ብሎ መገሠጽ ብቻ ነው። የአገራችን ተረት ነጋሪዎች ግን ገና ከመጀመራቸው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ ሕፃኑም «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ታሪኩ ሳይጀመር ሕፃኑ ድርሻውን ተቀብሏል ማለት ነው። እኔም ይህንኑ ድርሻ በተረቱ መካከልና መጨረሻም ልሰጠው አሰብሁ።

መጀመሪያ የሚደጋገም ጥሪ አበጀሁለት። በድርሰት ትምህርት አንድን ቃል መደጋገም እንደ ጉድለት ይቆጠርብናል፤ ስለዚህ ጥሪውን በየጊዜው በሌላ ቃል እለውጠው ነበር። ይህ ስሕተት ሆነ። ወንድሜ ሊከተለኝ አፉን ይከፍትና ቃሉ ሲለወጥበት ይዘጋዋል። ጥሪውም ረዥም ስለ ነበር መካከሉ ላይ ይጠፋበታል። በኋላ «ጫጩቴ የት አለሽ?» ወደሚል ሦስት ቃል አሳጠርሁትና ሳልለውጥ ደገምሁት። በሁለተኛው ጊዜ «ጫጩቴ የት…» ብዬ ዝም ስል፥ «አለሽ!» ብሎ ራሱ ጨረሰው።

ቀጥሎ የድምፅ ቃላትን ጨመርሁ። በዚህ ረገድ ቋንቋችን ባለጸጋ ነው። ኮሽ አለ፥ ዱብ አለ፥ እልም አለ፥ ጭጭ አለ እያልን፥ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር በማጣመር ድምፁንም አኳኋኑንም በአንድ ጊዜ እናሰማለን። ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ «ኮሽ» ብለን ጽፈን ሳናጠብቀው ብናነበው ሕይወት የለውም። የመጨረሻውን ፊደል አጥብቆ ማሰማት የአንባቢው ፈንታ ነው።

ሦስተኛው ነገር ያልታሰበው መጨረሻ ነው። በመጀመሪያ ሸለምጥማጡ «ዱብ!» ብሎ ከአልጋው ሥር እንዲወጣ አደረግሁ። ወንድሜ በጣም ሣቀ፤ ነገር ግን ራሱ ሸለምጥማጥ ሆኖ በአልጋው ላይ ሲዘል አንድ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ቀረ። እናቴም «ልጁን አስተኛው አልሁህ እንጂ አስጨፍረው አልሁህን?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚህ የተረዳሁት፥ በመኝታ ተረት ትልቁ ድምፅ መካከሉ ላይ መሆን እንዳለበትና መጨረሻው ወደ ሹክሹክታ መውረድ እንደሚገባው ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ፓት ሀቺንስ ከተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ ነው። በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ዶሮ ስትንሸራሸር ቀበሮ ይከተላታል። ቀበሮው በሥዕሉ ላይ ይታያል እንጂ በጽሑፉ ስሙ ፈጽሞ አይነሣም። ስለዚህ ዶሮዋ የማታውቀውን ሕፃኑ ያውቃል። እኔ ሥዕል መሣል ስለማልችል ይህንኑ በድምፅ ልሠራው ሞከርሁ። ተረቱም እንዲህ ሆነ፦

«እናት ዶሮ ሲመሽ ጫጩቶቿን ቆጠረች። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት። አምስተኛዋስ?

‹ጫጩቴ የት አለሽ?› ‹ጪው!› አለ ከላይ። እናት ዶሮ ግን አልሰማችም። ኩስ ኩስ ኩስ ብላ ወደ እንስራው ሄደች። ከእንስራው ኋላ ኮሽ አለ! ጫጩቷ ናት? አይደለችም፤ እንቁራሪት ናት። ዱብ! ብላ ሄደች።

‹ጫጩቴ የት አለሽ?› ‹ጪው!› አለ ከላይ። እናት ዶሮ ግን አልሰማችም። ኩስ ኩስ ኩስ ብላ ወደ ሙቀጫው ሄደች። ከሙቀጫው ኋላ ኮሽ አለ! ጫጩቷ ናት? አይደለችም፤ አይጥ ናት። እልም! ብላ ሄደች።

‹ጫጩቴ የት አለሽ?› አሁን ‹ጪው› የሚል የለም። እናት ዶሮ ቀስ ብላ ወደ ቆጡ ሄደች። ቆጡም ጭጭ አለ። አዝና አንገቷን ብትደፋ፥ ከጀርባዋ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር ተንከባለለና ከፊቷ ጠብ አለ። አምስተኛዋ ጫጩት ናት! ዓይኗን እያሸች፥ ‹እማዬ፥ ማንን ነው የምንፈልገው?› አለች።

እናት ዶሮ ክንፏን ዘረጋች። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፥ አምስት። ሁሉም ጭጭ አሉ።»

በመጀመሪያው ሌሊት ወንድሜ «ጪው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰምቶ፥ «ከላይ ናት! ጀርባዋን እዪ!» እያለ ዶሮዋን ለመርዳት ደከመ። ሲጨርስም «ድገመው» አለኝ። ተረት ለሕፃን መስማማቱ ወይም አለመስማማቱ የሚታወቀው በዚህ ይመስለኛል፤ የሚወደው ከሆነ ከአፋችን ይነጥቀዋል፥ ያስደግመናል፤ የማይወደው ከሆነ ሌላ ነገር ይጠይቃል ወይም ፊቱን ያዞራል። በሦስተኛው ሌሊት መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋልና ደስታው የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ያን ቦታ እየጠበቀ ከእኔ ቀድሞ ይሥቅ ጀመር። የመጨረሻውን ቁጥር በየጊዜው ዝግ እያልሁ ስለማነበው፥ አንዳንድ ሌሊት አምስት ሳልደርስ ይተኛል።

ይህ ተረት ከቀድሞው የሚጎድለው ነገር እንዳለ አልሰውርም። ሸለምጥማጡ ስለ ወጣ በጨለማ ያለው አደጋ በውስጡ የለም። ስለዚህ የመንገዱንና የጨለማውን ነገር እናታችን ቀን በፀሐይ፥ በግልጥ ቃል ነገረችው፤ ይህም በመኝታ ሰዓት ከመስማቱ የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

ምክሩ ግን ከተረቱ አልጠፋም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመሽ እናቴ ከደጃፍ ቆማ ትጠራው ነበር። እኔም ከጓዳ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት…» ብዬ የቤቱን ሰው ቆጠርሁ። ወንድሜም ኩስ ኩስ ኩስ እያለ ከአጥሩ ሥር መጣና ደፉን ሲረግጥ «አምስት!» ብሎ ጮኸ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ከአጥሩ ኋላ ተደብቆ «ጪው!» ይላል፤ እናቴም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ትፈልገዋለች።