ስለ ፈረንሳይኛ ስሞች ጾታና ስለ መድረሻዋ «ኧ»

ፈረንሳይኛ የሚማር ሁሉ ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ሕግ ይነገረዋል፤ ይኸውም «ኧ በምትባለው ፊደል የሚጨርስ ስም አንስታይ ነው፥ በሌላ የሚጨርስ ተባዕታይ ነው» የሚል ነው። ሕጉ ጥቂት ሳምንት ካገለገለ በኋላ በእጃችን የያዝነው መጽሐፍ ራሱ ያፈርሰዋል። መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ሊቭር ይባላል፤ ሲጻፍ በኧ ይጨርሳል፤ ነገር ግን ለ ሊቭር እንጂ ላ ሊቭር አይባልም። ከዚህ በኋላ አብዛኛው ተማሪ ሕጉን ይጥልና በግምት መጻፍ ይጀምራል። እኛ ግን ሕጉ የሚፈርስበት ምክንያት እንዳለው፥ ምክንያቱም ከታወቀ ግምቱ የሚቃና መሆኑን ለማሳየት እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ አጻጻፋችን አንድ ቃል እንናገር። የፈረንሳይኛውን ቃል በፊደላችን እንደሚሰማው እንጽፋለን፤ መድረሻዋ ኧ ግን አትሰማምና ስትኖር «አለች» እያልን እንጠቁማለን። «ለ» ለተባዕታይ፥ «ላ» ለአንስታይ ስም ይቀድማል። ለገሃር የምንለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው ላ ጋር ከሚለው፥ ባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው አንስታይ ስም ነው።

በአማርኛ ቤቱን ስናቆላምጥ «ቤቲቱ» ብንል ማንም አይወቅሰንም። ፈረንሳይኛ ግን እንዲህ ያለውን ነፃነት አይሰጥም። «አሮጌው መጽሐፍ ነጭ ነው» ለማለት ለ ቪዩ ሊቭር ኤ ብላን ይባላል፤ መጽሐፉን በጠረጴዛ ብንለውጠው ላ ቪዬይ ታብል ኤ ብላንሽ ይሆናል። ስሙን ብቻ የቀየርን መስሎን ሦስት ቃላት ተለወጡ። ስለዚህ በጽሑፍ ፈተና ላይ በአንድ ስም ጾታ የሳተ ተማሪ ሦስት ጊዜ ሊታረም ይችላል።

ቀላሉን በአጭሩ እንለፈው። በሲዮን የሚጨርሱት፥ እንደ ናሲዮን፥ እንዲሁም በቴ የሚጨርሱት የባሕርይ ስሞች፥ እንደ ሊቤርቴ (ነፃነት)፥ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንስታይ ናቸው። በማን የሚጨርሱት፥ እንደ ጉቬርንማን፥ በኢስም የሚጨርሱት፥ እንደ ሶሲያሊስም፥ በአዥ የሚጨርሱትም፥ እንደ ጋራዥ፥ ተባዕታይ ናቸው። በማን ከሚጨርሱት ውስጥ አፈንግጣ የምትገኘው ዢዩማን ናት፤ ትርጓሜዋ ባዝራ ስለሆነ ግን ተባዕታይ ብትሆን ኖሮ ይበልጥ ያስገርም ነበር።

እንግዲህ ወደ ኧ እንመለስ። ነገሩ ሁሉ የሚገኘው ፈረንሳይኛ ከላቲን በተወለደበት ጊዜ ነው። በላቲን ብዙዎቹ አንስታይ ስሞች በአ፥ ብዙዎቹ ተባዕታይ ስሞች ደግሞ በኡስ ወይም፥ ተሳቢ ሲሆኑ፥ በኡም ይጨርሱ ነበር። በዘመን ብዛት የመጨረሻዎቹ ድምፆች ሲደክሙ፥ አ ወደ ኧ ዝቅ ብላ ቆየች፤ ኡም ግን ፈጽማ ጠፋች። ፖርታ (በር) ላ ፖርት ሆነች፥ ኧ አለች፤ ፖርቱም (ወደብ) ለ ፖር ሆነ፥ ኧ የለችም። ተማሪው የሚነገረው ሕግ የተገኘው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ኡም ስትጠፋ አንዳንዱ ቃል ለአፍ የማይመች ሆኖ ቀረ። ሊብሩም ከሚለው ላይ ኡም ቢወድቅ ብ እና ር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ስለዚህ የሚደግፋቸው አናባቢ ማስፈለጉ አልቀረም፤ ያም አናባቢ ኧ ሆነ። እኛም ከእንግሊዝኛ የመጣውን ቃል «እስፖርት» ስንል ስ እና ፕ እንዳይጣበቁ ከፊት እ እንጨምራለን፤ ያች እ ስለ ቃሉ ጾታ አንዳች አትመሰክርም። ለ ሊቭር፥ ለ ፐፕል (ሕዝብ)፥ ለ ሜትር (መምህር)፥ ለ ቫንትር (ሆድ) የመሳሰሉት ሁሉ ይህችን የድጋፍ ኧ የያዙ ናቸው። ስለዚህ በጽሕፈት አንድ የምትመስለው ኧ በትውልድ ሁለት ናት፤ አንዷ የአንስታይ ምልክት፥ ሁለተኛዋ ደጋፊ ብቻ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሊቭር የሚለው ቃል ራሱ ነው። ለ ሊቭር ሲባል መጽሐፍ ነው፤ ላ ሊቭር ሲባል ግን የሚዛን ፓውንድ ነው። አጻጻፋቸውም አነጋገራቸውም አንድ ነው። የመጀመሪያው ከሊብሩም፥ ሁለተኛው ከሊብራ ስለመጣ ጾታቸው ተለያየ።

የአዥም ነገር እንዲሁ ነው። ይህ መድረሻ የላቲን አቲኩም ነበረ፤ ተባዕታይነቱም ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ካዥ (የወፍ ቤት)፥ ኢማዥ (ምስል)፥ ናዥ (ዋና)፥ ፓዥ (ገጽ)፥ ፕላዥ (የባሕር ዳር አሸዋ)፥ ራዥ (የውሻ በሽታ) አንስታይ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ አዥ የተጨመረ መድረሻ ሳይሆን የቃሉ ሥር ክፍል ነው። ለመለየት አዥን መቁረጥ ነው፤ ላቫዥ (ማጠብ) ሲቆረጥ «አጠበ» የሚለው ግሥ ሥር ላቭ ይቀራል፤ ፓዥ ቢቆረጥ ግን ትርጉም ያለው ነገር አይተርፍም።

ተማሪው ላቲን ካላወቀ ምን ያድርግ? የላቲን ሌላይቱ ልጅ፥ ጣሊያንኛ፥ አ እና ኦን ለይታ ስለ ጠበቀች ታገለግለናለች። አንድ ቃል ወስደን እንፈትን። ኤንሳንዲ፥ ማለት የእሳት ቃጠሎ፥ በኢ እና በኧ ይጻፋል፤ እንደ ማላዲ (በሽታ) ያሉት ብዙዎቹ የዚህ ወገን ስሞች አንስታይ ስለሆኑ የመጀመሪያው ግምታችን አንስታይ ይሆናል። በጽሑፍ እንዳናጣራ ደግሞ ቃሉ በአናባቢ ስለሚጀምር «ለ» እና «ላ» ሁለቱም አናባቢያቸውን አጥተው ሌንሳንዲ ብቻ እናያለን። ጣሊያንኛውን ብንጠይቅ ኢንቼንዲዮ ይላል፤ ኦ አለበት፤ እንግዲያው ተባዕታይ ነው፥ ግምታችንም ይታረማል። ሲላንስ (ዝምታ) እና ሲያንስ (ሳይንስ) አንድ ዓይነት መድረሻ ይዘው ሲላንስ ተባዕታይ፥ ሲያንስ አንስታይ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጣሊያኖች ሲሌንሲዮ እና ሼንሳ ይሏቸዋል።

በኤ ተሰምተው በኧ የሚጻፉትን፥ እንደ አኔ (ዓመት) እና አርሜ (ጦር ሠራዊት) ያሉትን፥ አንስታይ ብለን እንያዝ። ሊሴ እና ሚዩዜ ግን ተባዕታይ ናቸው፤ እነዚህን እንግሊዝኛው «ሙዚየም» እያለ በመድረሻው ያጋልጣቸዋል።

ጣሊያንኛ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ከግሪክ የመጡት ፕሮብሌም፥ ሲስቴም፥ ፕሮግራም በጣሊያንኛ በአ ይጨርሳሉ፤ ሆኖም በሁለቱም ቋንቋ ተባዕታይ ናቸው፤ በግሪክ ማ የሚለው መድረሻ ግዑዝ ጾታ ነበርና። ከዚህ ወገን ወጥተው አንስታይ ከሆኑት አንዷ ኤኒግም (እንቆቅልሽ) ናት፤ ትርጓሜዋን አለመሸሸጓ ደግ ነው። እንደ ኩለር (ቀለም) እና ሻለር (ሙቀት) ያሉት ደግሞ በፈረንሳይኛ አንስታይ፥ በጣሊያንኛ ተባዕታይ ስለሆኑ እነርሱን በቃል ማጥናት ግድ ነው።

በአናባቢ የሚጀምሩትን ስሞች ስናጠና ከ«ለ» እና ከ«ላ» ይልቅ «አንድ» የሚለውን፥ ለተባዕታይ ኧን፥ ለአንስታይ ዩን የሚባለውን፥ ከፊታቸው አድርገን ብንጽፍ ይሻላል፤ ኧን ኤንሳንዲ፥ ዩን ኢማዥ እንዲህ ሲጻፉ ጾታቸው አይደበቅም።